«ፓሽኔት ነኝ» ከማለታችሁ በፊት

የማመልከቻ ሰሞን ስለሆነ ስልኬ ዕረፍት አጥቷል። ከጀበልም ከጎሮምም ወደ ሃያ የሚጠጉ ልጆች «ራስህን ግለጽ» ለሚለው ጥያቄ የጻፉትን መልስ «ቲቸር፣ እስቲ እየው» እያሉ ልከውልኛል። ለእያንዳንዱ ለብቻው ከምመልስ እዚህ አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ነው። ረዘም ይላል፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

ቅጹ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው የጻፉት። አሥራ ሰባቱ «ፓሽኔት ነኝ» ብለው ይጀምራሉ። ቀጥሎ «ሪዛልትስ ድሪቨን»፣ «ሃርድ ወርኪንግ»፣ «ቲም ፕሌየር» ይመጣል። ከእነዚህ ልጆች አንዱ ብየዳ ይሠራል፣ አንዷ ቡና ታፈላለች፣ አንዱ ውሃ በቦቴ ያመላልሳል፣ አንዱ አገር ቤት አራት ዓመት ፊዚክስ ያስተማረ ነው። ስማቸውን በእጄ ሸፍኜ ሳነብ ግን የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አቃተኝ። አንዳንዱ አንቀጽ በቴሌግራም ሲዞር የከረመ ናሙና እንደሆነ ያስታውቃል፤ ነጠላ ሰረዙ ሳይቀር አንድ ነው።

የሚያነበው ሰው እናንተን አያውቅም፣ ጀበልንም አያውቅም። ፊቱ የተከመረው ማመልከቻ ብዙ፣ ያለው ቦታ ጥቂት ነው። «ለትምህርት ጥልቅ ፍቅር አለኝ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር የዚያን ቀን ብቻ ስንቴ እንዳነበበው አስቡት። አይጠላውም፣ አያምነውምም፤ ዓይኑ ዘሎት ያልፋል። ባዶ ቃል ጉዳቱ ይኼ ነው። ቅጹ ከሰጣችሁ 200 ወይም 300 ቃል ላይ ቦታ ይይዛል፣ እናንተን ግን አያሳይም።

ቃሉ ባዶ መሆኑን የምለይባቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉኝ። አንደኛው፦ የዚህን ዓረፍተ ነገር ተቃራኒ የሚጽፍ ሰው አለ ወይ? «ሰነፍ ነኝ፣ ከሰው ጋር መሥራት አልችልም» ብሎ የሚያመለክት የለም። ተቃራኒውን ማንም የማይጽፈው ነገር ከሆነ እናንተም ስትጽፉት ምንም አልተናገራችሁም። ሁለተኛው፦ አጠገባችሁ ቆሞ የሚያይ ሰው ምን ሲሆን አይቶ ነው ይህን ቃል የሚላችሁ? ጎረቤታችሁ «ታታሪ ናት» ካለች አንድ ያየችው ነገር አለ። መጻፍ ያለበት ያ ያየችው ነው።

«ውጤት ተኮር» የሚለውን ቃል አገር ቤት በመንግሥት ሥራ የነበራችሁ አትረሱትም። የቢ.ኤስ.ሲ ቅጽ፣ ዓመታዊ ዕቅድ፣ ከመቶ የሚሰጥ ነጥብ፣ የግማሽ ዓመት ምዘና። ቃሉ ሲመጣ እኮ «ግብህን በቁጥር አስቀምጥ፣ የደረስክበትን በቁጥር አሳይ» ለማለት ነበር የመጣው። አሁን ቁጥሩ ቀርቶ ቃሉ ብቻ ተርፎ ማመልከቻችን ላይ ቁጭ ብሏል። ይገርማል።

አሁን አንድ እህታችን ጋር የሠራነውን በዝርዝር ልንገራችሁ። ፈቅዳልኛለች፤ ስሟንና ክሊኒኩን ግን አልጠቅስም። ጀበል ገበያ አጠገብ ቡናና ሻይ ትሸጣለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች። ያመለከተችው ለነርስነት ትምህርት ነበር፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024። የመጀመሪያ ጽሑፏ ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ይላል፦

«ማኅበረሰቤን ለማገልገል ጥልቅ ፍቅር ያለኝ፣ ታታሪ፣ ውጤት ተኮር፣ ኃላፊነት የሚሰማኝና ለዝርዝር ነገር ጥንቃቄ የማደርግ ወጣት ሴት ነኝ። ነርስ መሆን የልጅነት ሕልሜ ነው።»

«ማኅበረሰቡን ስታገለግዪ ያየሽ ሰው ምን ሲሆን አየ?» አልኳት። «ቲቸር፣ ቡና እኮ ነው የማፈላው፤ ምን ይጻፋል?» አለችኝ። ማክሰኞ ማክሰኞ ለምን ቡናውን ዘግይታ እንደምትጀምር ስጠይቃት ነው ነገሩ የወጣው። ማክሰኞ ጠዋት ክሊኒክ ትሄዳለች። እዚያ የሚመጡ የኛ እናቶች ዐረብኛም እንግሊዝኛም አይችሉም፤ እሷ የጁባ ዐረብኛ አቀላጥፋ ትናገራለች፤ ታስተረጉምላቸዋለች። ማንም አይከፍላትም። እሷ ይህን «ሥራ» ብላ አስባው አታውቅም፣ ጽሑፏም ውስጥ አንድ ቃል የለም።

ቀጥሎ መቁጠር ነበረብን። መዝገብ አልያዘችም፤ ስለዚህ በሌላ መንገድ ሄድን። መቼ እንደጀመረች የነገረን ስልኳ ነው፤ ነርሷ የመጀመሪያ ቀን የላከችላት መልእክት የየካቲት 2023 ቀን አለበት። ከዚያ እስከ ነሐሴ 2024 አሥራ ስምንት ወር ነው፣ ወደ 78 ሳምንት። በወባ የተኛችባቸውን 4 ሳምንታት፣ በዝናብ መንገዱ ተበላሽቶ ያልሄደችባቸውን 6 ሳምንታት ቀነስን። 68 ማክሰኞ ቀረ። በአንድ ማክሰኞ ስንት ሰው ነው ስላት «አንዳንዴ አምስት፣ አንዳንዴ ሁለት» አለች። ትንሹን ወሰድን። 68 በ2 ሲባዛ 136 ነው። የጻፍነው ግን «ከ100 ጊዜ በላይ» ብለን ነው።

ለምን 136 አላልንም? ግምት መሆኑን እያወቅን እንደ ተቆጠረ አድርጎ መጻፍ ውሸት ስለሚሆን ነው። ወደ ታች የተጠጋጋ ቁጥር ላይ ማንም ሲጠይቃት አትደናገጥም፤ ትክክለኛው ከዚያ ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ደግሞ «ከ100 በላይ ሕሙማን» አላልንም፤ አንዲት ነፍሰ ጡር አራት ጊዜ ልትመጣ ትችላለች። ስለዚህ «ከ100 ጊዜ በላይ አስተረጉሜያለሁ» ነው እውነቱ። ይቺ ትንሽ ልዩነት የምታነበውን ነርስ ወይም ሐኪም ዓይን ትይዛለች፤ እነሱ በሥራቸው የሰውንና የጉብኝትን ቁጥር ለይተው ነው የሚመዘግቡት።

«ለዝርዝር ነገር ጥንቃቄ አደርጋለሁ» የሚለውን ደግሞ ሰርዘን ምን ቦታውን ሞላው መሰላችሁ? ሰዓት ነው። ክሊኒኩ መድኃኒት ሲያዝ «ጠዋት ስምንትና ማታ ስምንት» ይላል። የኛ ሰው ስምንት ሰዓት ሲባል የሚገባው ከቀኑ ስምንትና ከሌሊቱ ስምንት ነው፤ በእነሱ አቆጣጠር ሁለት ሰዓት ማለት ነው። አንዲት እናት ሦስት ሌሊት በስምንት ሰዓት ከእንቅልፏ እየተነሳች ክኒን ስትውጥ ከርማ ስትመጣ ነው ይቺ እህታችን የነቃችው። ከዚያ ወዲህ ሰዓት በተነሳ ቁጥር በሁለቱም አቆጣጠር ትናገራለች፣ «ፀሐይ ወጥታ ቁርስ ስትበዪ» ብላ ትጨምራለች፣ ከዚያ ታካሚዋ ራሷ መልሳ እንድትነግራት ታደርጋለች። ካልመለሰች አትለቃትም።

እስቲ ፍረዱ። «ጥንቁቅ ነኝ» ከሚለው ጋር አወዳድሩት። ይህን ሰው ሊፈጥረው አይችልም፣ ከናሙናም አይገለበጥም። የሚያነበው ሰውም «ጥንቁቅ» የሚለውን ቃል ራሱ በልቡ ይለዋል፤ እናንተ መጻፍ አያስፈልጋችሁም።

«ኃላፊነት የሚሰማኝ» የሚለው ቀላል ነበር። ሁለት ታናናሾቿን ታስተምራለች። የ2022፣ የ2023 እና የ2024 የትምህርት ቤት ደረሰኞቻቸውን በላስቲክ ጠቅልላ ፍራሽ ሥር አስቀምጣለች። «የልጅነት ሕልሜ» የሚለውን ያለ ምትክ አወጣነው። ልትከራከረኝ ሞክራ ነበር፤ እውነት ነው ሕልሟ ነው። ግን የልጅነት ሕልም ምስክር የለውም፣ የ68 ማክሰኞ ግን አለው።

የላከችው እንዲህ ሆነ፦

«ጁባ ጀበል አካባቢ ቡናና ሻይ በመሸጥ እተዳደራለሁ፤ በዚሁ ገቢ ከ2022 ጀምሮ የሁለት ታናናሾቼን የትምህርት ቤት ክፍያ እከፍላለሁ። ከየካቲት 2023 ጀምሮ በየሳምንቱ ማክሰኞ ጠዋት በሰፈራችን ክሊኒክ ለእናቶች ከአማርኛ ወደ ጁባ ዐረብኛ ያለ ክፍያ አስተረጉማለሁ፤ እስካሁን ከ100 ጊዜ በላይ። ኢትዮጵያውያን ሰዓት የምንቆጥረው በስድስት ሰዓት ልዩነት ስለሆነ የመድኃኒት ሰዓትን በሁለቱም አቆጣጠር እናገራለሁ፣ ታካሚዋ መልሳ እንድትነግረኝም አደርጋለሁ። የክሊኒኩ መዝጋቢ ነርስ ይህን ሊመሰክሩልኝ ፈቃደኛ ናቸው። ማስተርጎም እችላለሁ፤ ቀጥሎ መማር የምፈልገው የማስተረጉመውን ራሱን ነው።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እኔ አልነካኋትም፣ የራሷ ናት። ማኅበረሰብ፣ ፍቅር፣ ትጋት የሚሉት ቃላት አንዳቸውም የሉም። ቃለ መጠይቅ ተጠራች፤ ከሃያው ደቂቃ አብዛኛው ስለ ሰዓቱ ነበር አለችኝ። ዘንድሮ ተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ናት። አልፋለች ብዬ ላስደስታችሁ አልችልም፤ ቦታው ጥቂት መሆኑን ጽሑፍ አይለውጠውም።

አንዳንዶቻችሁ «ራስን ማሞገስ ነውር ነው፣ አስተዳደጋችን አይፈቅድም» ትሉኛላችሁ፤ በተለይ ትልልቆቹ። ገብቶኛል። ግን አባቶቻችን ሲፎክሩ ምን እንደሚያደርጉ አስታውሱ። ፎካሪ «ጀግና ነኝ» ብሎ አይቀመጥም። የት እንደዋለ፣ ማንን እንደገጠመ ይናገራል፣ ከዘመቻ ሲመለስ ግዳዩን አለቃው ፊት ይጥላል፣ አብረውት የዋሉት ቆመው ይሰማሉ። ያልዋለበትን ቢናገር እዚያው ያዋርዱታል። ነውሩ ያለው ማስረጃ የሌለው ሙገሳ ላይ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ክሊኒክ እሄዳለሁ ማለት ሙገሳ አይደለም፣ መረጃ ነው።

መምህራን ለሆናችሁ አንድ ነገር ለይቼ ልበል፤ ቁጥር ብቻውን ሊጎዳችሁ ይችላል። አንድ የሙያ ጓደኛዬ «ካስተማርኳቸው 40 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 5ቱ አለፉ» የሚለውን ለመጻፍ አፍሮ «ምርጥ ውጤት ያስመዘገብኩ» ብሎ አለፈው። ፈተናው የ2014ቱ ነበር። ጥር 2015 ላይ ውጤቱ ሲገለጽ በመላ አገሪቱ 50 በመቶና በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ከ40 አምስት 12.5 በመቶ ነው፤ ከአገሪቱ ወደ አራት እጥፍ። የውጭ ሰው ግን ይህን አያውቅም፤ «ከ40 ተማሪ 35 የጣለ አስተማሪ» ብሎ ነው የሚያነበው። ስለዚህ ከቁጥሩ አጠገብ የአገሪቱን ቁጥር አስቀምጡለት፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር። ደግሞ አምስቱን እናንተ ብቻ እንዳሳለፋችሁ አትጻፉ፤ የሂሳቡና የእንግሊዝኛው መምህርም አሉበት። «በማስተምረው ፊዚክስ» ብላችሁ የራሳችሁን ድርሻ ለዩ።

ቀን ደግሞ ትልቁ ወጥመዳችን ነው። አገር ቤት የምናወጣው «ለሚመለከተው ሁሉ» የሚለው የሥራ ልምድ ደብዳቤ በነገራችን ላይ ከሚመስለን በላይ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ የሥራ መደብ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ደመወዝ፣ ሁሉም አለው። «በሥራቸው ታታሪና ታማኝ» የሚለውን የመጨረሻ መስመር ተዉት፣ ለሁሉም ነው የሚጻፈው። ችግሩ ቀኑ በኛ አቆጣጠር መሆኑ ነው። አንድ ወንድማችን ደብዳቤው «ከመስከረም 2006 እስከ ሰኔ 2012» ይላል፤ የስደተኛ መታወቂያው ላይ ደግሞ የተወለደው 1992 ነው፣ በፈረንጁ። እንዳለ ቢያስገባው በ14 ዓመቱ ማስተማር የጀመረ ሰው ይሆናል። ትክክለኛው ከመስከረም 2013 እስከ ሰኔ 2020 ነው፣ ሲጀምር 21 ዓመቱ ነበር። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ላይ 7፣ ከጥር እስከ ጳጉሜን ያለው ላይ 8 ትደምራላችሁ፤ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ያለ ቀን ከሆነ የፈረንጁ ዓመት አልፎ ሊሆን ስለሚችል በቀን መቁጠሪያ አረጋግጡ። የተረጎማችሁትን ከዋናው ጎን አድርጋችሁ ላኩት እንጂ ዋናው ላይ እንዳትሰርዙ፣ እንዳትደልዙ።

ከመላካችሁ በፊት የምዝገባ ፋይላችሁ ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ አስታውሱ። ሲመዘገብ በችኮላ «የቀን ሠራተኛ» ያለ ሰው ማመልከቻው ላይ «ሰባት ዓመት መምህር» ካለ፣ ሁለተኛው እውነት ቢሆን እንኳ ጥያቄ ያስነሳል። አስቀድማችሁ ሂዱና ፋይሉ እንዲስተካከል ጠይቁ።

ስለ ምስክር የምለው ለኛ ብቻ የሚሆን ነገር ነው፤ በይነመረብ ላይ ያሉት ምክሮች አያውቁትም። ማስረጃ ማለት ስልክ ቁጥር መስጠት ነው፣ ስልክ ቁጥር ደግሞ ሊደወልበት ይችላል። አገር ቤት ያለ ርዕሰ መምህር ወይም የቀድሞ አለቃ ብትጽፉ እናንተ የት እንዳላችሁና ምን እየጠየቃችሁ እንደሆነ ያውቃል፤ እሱ ባይናገር እንኳ በእናንተ የተነሳ ሊጠየቅ ይችላል። ከዚያ መሥሪያ ቤት ወይም ከዚያ ወረዳ ሸሽታችሁ ከሆነ አትጻፉት። «የቀድሞ አሠሪዬን ማነጋገር ለእኔና ለቤተሰቤ ደኅንነት አስጊ ነው» ብላችሁ በግልጽ ጻፉና ሌላ ነገር አቅርቡ፦ አብሯችሁ ያስተምር የነበረ አሁን ውጭ ያለ ባልደረባ፣ ደመወዝ የገባበት የባንክ ደብተር፣ የክፍል ፎቶ። ፎቶው ላይ የልጆች ፊት ካለ ሸፍኑት። የሚመሰክርላችሁን ሰው አስቀድማችሁ ንገሩት፣ የጻፋችሁትንም አስነብቡት፤ ነርሷ በድንገት ተደውሎላት «ማን ናት?» ብትል 68ቱም ማክሰኞ ገደል ገባ።

እህታችን የታካሚዎቿን ስምም ሕመምም አልጻፈችም፣ ቃለ መጠይቁ ላይ ሲጠይቋትም አልተናገረችም። ይህንንም አይተውላታል መሰለኝ።

የላካችሁልኝ ሃያዎቹ፣ ጽሑፋችሁን እንዲሁ አርሜ አልመልስም። መጀመሪያ አንድ ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ የዋላችሁበትን በደብተር ጻፉ፦ ምን ሠራችሁ፣ ለማን፣ ስንት፣ ማን አየ። የዱቤ ደብተርም ቢሆን ይሁን፣ የስልክ መልእክትም ይሁን። ከዚያ ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ በተለመደው ቦታ አለሁ፤ ደብተሩን ይዛችሁ ኑ። ዘጠኝ ያልኩት በኛ አቆጣጠር ነው።